ማሰሪያ አንቀጹ ሳይቆረጥ፦ አንባቢን የሚያስቆም የመጀመሪያ መስመር

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ዋና ጉዳዩን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ስልክ ደግሞ መጨረሻውን ይቆርጣል። በፌስቡክና በቴሌግራም የሚለጠፍ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚታለፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው ለፍቶበታል፣ ጉዳዩም ለአንባቢው ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንባቢው በጣቱ እየገፋ በሚያልፍበት በዚያች ቅጽበት የሚያየው ሰላምታ፣ የቦታ ስምና የቅጽል ክምር ብቻ ስለሆነ የሚያቆመው ነገር አያገኝም። ከዚህ በታች የምንመለከተው የመጀመሪያዋ መስመር በአማርኛ እንዴት ብትጻፍ አንባቢ እንደሚቆምላት ነው። ለማሳያ የምንወስደው በደጋው ጎጃም ያለ አንድ የግብርና ባለሙያ ሊጽፈው የሚችል፣ ስለ ኮመጠጠ አፈርና ስለ ኖራ የሚናገር ጽሑፍ ነው።

በመጀመሪያ አንባቢው በትክክል ምን እንደሚያይ እንመልከት። ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ሙሉውን አያሳይም፤ ጥቂት መስመሮችን አሳይቶ «See more» የሚል ቃል ያስቀምጥና የቀረውን ይሰውራል። ስንት መስመር እንደሚያሳይ እንደ ስልኩና ጽሑፉ ፎቶ እንዳለውና እንደሌለው ይለያያል። ቴሌግራም ቻናሉ ውስጥ ለገባ ሰው ጽሑፉን አይቆርጥበትም፤ ሆኖም አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው የቻናሎቹን ዝርዝር ነው፣ በዚያም ከቻናሉ ስም ሥር የሚታየው የጽሑፉ መነሻ ብቻ ነው። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ ብቅ የሚለው ማሳወቂያም እንዲሁ መነሻውን ብቻ ያሳያል። ፊደላችን ሰፋ ያለ ስለሆነ በተራ ስልክ ላይ አንድ መስመር የሚይዘው ከአምስት እስከ ሰባት ቃል ያህል ነው፤ ጽሑፉን አተልቀው የሚያነቡ ትልልቅ ሰዎች ስልክ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ «የመጀመሪያ መስመር» ስል ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ቃል የሚሆነውን፣ አንባቢው ምንም ሳይነካ በእርግጠኝነት የሚያየውን መነሻ ማለቴ ነው።

ዓይን በዚህ መነሻ ላይም እኩል አያርፍም። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪ በ2006 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት፣ አንባቢዎች የገጹን የላይኛውን መስመር ወደ ጎን ካነበቡ በኋላ ወደ ታች ሲወርዱ የየመስመሩን የግራ ጫፍ ብቻ እየነኩ እንደሚያልፉ አሳይቷል። ጥናቱ የተካሄደው በአማርኛ ጽሑፍ ላይ አይደለም፤ ነገር ግን እኛም ከግራ ወደ ቀኝ የምናነብ በመሆናችን ፍሬ ነገሩ ይመለከተናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቃላት ከሁሉም በላይ የሚታዩ ከሆነ፣ በእነሱ ቦታ «የተከበራችሁ የገጻችን ተከታታዮች» ብሎ መጻፍ ከጽሑፉ ሁሉ ውዱን ቦታ ለማንም ሊባል ለሚችል ነገር መስጠት ነው።

አሁን ወደ ማሳያው እንግባ። ባለሙያው በደጋማ ወረዳ ይሠራል። ሊናገር የፈለገው ነገር ቀላልና አስቸኳይ ነው፦ የብዙ ገበሬ መሬት ኮምጥጧል፣ ገብሱም ስንዴውም ማዳበሪያ እየተጨመረለት ይቀጭጫል፣ መፍትሔው ኖራ ነው፣ ኖራው ደግሞ ከመዝራት አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። ይህንን ይዞ ሲቀመጥ በመሥሪያ ቤት የለመደው አጻጻፍ እጁን ይመራዋልና እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«የተከበራችሁ የገጻችን ተከታታዮች፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ እንደሚታወቀው የአፈር አሲዳማነት በሀገራችን ብሎም በክልላችን በተለይም በደጋማው የጎጃም አካባቢ የሰብል ምርትና ምርታማነትን በከፍተኛ ሁኔታ እየቀነሱ ከሚገኙ ችግሮች መካከል አንዱ በመሆኑ፣ አርሶ አደሩ ኖራ በመጠቀም መሬቱን እንዲያክም የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ መሠራት እንዳለበት ተገልጿል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር አርባ ቃል አለው። ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ በስብሰባ ላይ ቢነበብም ማንም አይነቅፈውም። ስልክ ላይ ግን የመጀመሪያዋ መስመር «የተከበራችሁ የገጻችን ተከታታዮች፣ በቅድሚያ የከበረ» ላይ ታልቃለች። ሁለተኛዋ መስመር ስለ አፈር ገና መናገር መጀመሯ ነው። «ኖራ» የሚለው፣ የጽሑፉ ዋና ጉዳይ የሆነው ቃል፣ ሠላሳ አንደኛ ቃል ሆኖ ተቀምጧል። ማሰሪያ አንቀጹ ደግሞ «ተገልጿል» ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ አንባቢው ታግሦ እስከ መጨረሻው ቢደርስ እንኳ የሚያገኘው ማሰሪያ ስለ መሬቱ ምንም አይነግረውም፣ አንድ ሰው አንድ ነገር መግለጹን ብቻ ይነግረዋል። ዓረፍተ ነገሩ የታሰረው በመግለጫው እንጂ በጉዳዩ አይደለም። «ተገልጿል»፣ «ተጠቁሟል»፣ «ተመላክቷል» በሚሉ ማሰሪያዎች የሚያልቅ መነሻ ሁሉ ይህ ችግር አለበት።

የመጀመሪያው እርምት ቀላል ነው። ሰላምታውን፣ «እንደሚታወቀው»ን እና ከሀገር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አካባቢ የሚወርደውን የቦታ ሰንሰለት ብናወጣ የሚቀረው ይህ ነው፦ «የአፈር አሲዳማነት የሰብል ምርትን በከፍተኛ ሁኔታ እየቀነሰ ነው።» አሁን ዓረፍተ ነገሩ በሁለት መስመር ውስጥ ይታሰራል፤ «See more» ከመምጣቱ በፊት አንድ ሙሉ ሐሳብ አንባቢው ዘንድ ይደርሳል። ብዙ የአጻጻፍ ምክር እዚህ ላይ ያቆማል፤ «አጭር ጻፉ» ይላል፣ ያበቃል። ነገር ግን ይህ መስመር አጭር ቢሆንም ማንንም አያስቆምም። እውነት ነው፣ ሆኖም የማንም አይደለም። የሚያነበው ሰው ራሱን፣ ቤቱን ወይም የሚያውቀውን ማሳ በውስጡ አያይም፤ «አዎ፣ ይህማ ችግር ነው» ብሎ ይስማማና ያልፋል። አንባቢ የሚስማማበትን ነገር ለማንበብ አይቆምም።

ሁለተኛው እርምት አንባቢውን በቀጥታ መናገር ነው፦ «መሬታችሁ ኮምጥጦ ሊሆን ይችላል።» አራት ቃል ብቻ ነው፣ በአንድ መስመር ይታሰራል፣ «አሲዳማነት» የሚለው የጽሕፈት ቤት ቃልም ገበሬው በሚለው «መኮምጠጥ» ተተክቷል። ከቀደመው በእጅጉ ይሻላል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንባቢው የራሱ መሬት ይኮምጥጥ አይኮምጥጥ የሚጠረጥርበት ምልክት አልተሰጠውም፤ መጠርጠሪያ የሌለው ሥጋት ደግሞ ቶሎ ይረሳል። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ጽሑፉን በስልኩ የሚያነበው ሰው ማን እንደሆነ አልታሰበበትም። በማቻከልም ሆነ በስናን ገብስ የሚዘሩት አባት ብዙውን ጊዜ ፌስቡክ ላይ አይደሉም። ፌስቡክ ላይ ያለው በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ የሚማረው ወይም የሚሠራው ልጃቸው፣ ወይም የቀበሌው አስተማሪ ነው። ይህ ልጅ «መሬታችሁ» ሲባል «እኔ መሬት የለኝም» ይላል። መስመሯ ጥሩ ሆና የተላከችው ግን ላልተገኘ ሰው ነው።

እንግዲህ መስመሯን ለልጁ እንጻፍለት። ባለሙያው በየማሳው ሲዞር ያየው አንድ ነገር አለ፤ መሬታቸው የኮመጠጠባቸው ገበሬዎች ብዙዎቹ ገብስ መዝራት ትተው እንግዶ ወይም ግብጦ ጀምረዋል፣ ምክንያቱም እነዚህ ሰብሎች የኮመጠጠ አፈርን ከገብስ በተሻለ ይችላሉ። ልጁ ክረምት ላይ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይህንን ለውጥ በዓይኑ አይቷል፤ ከምን እንደመጣ ግን አላወቀም። ስለዚህ፦

«አባታችሁ ገብስ መዝራት ትተው እንግዶ ከጀመሩ፣ መሬቱ ኮምጥጦ ሊሆን ይችላል።»

አሥር ቃል ነው። ይህች መስመር ለምን እንደምታስቆም በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሥራዋን የምትሠራው በአማርኛ ሰዋስው ራሱ ነው። ቀደም ሲል ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ መሆኑ ችግር እንደሆነ አይተናል። ችግር የሚሆነው ግን ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ሲሆን ይኸው ባሕርይ ትልቅ ጥቅም ይሆናል፤ በአማርኛ «ከጀመሩ» የሚለው ሁኔታ በተፈጥሮው ቀድሞ ይመጣል፣ ማሰሪያው ይከተላል። አንባቢው በመጀመሪያ የሚያገኘው የሚያውቀውን ነው፦ አባት፣ ገብስ፣ እንግዶ። «አዎ፣ የእኛም ቤት እንዲሁ ነው» ብሎ ግማሹን ከተቀበለ በኋላ፣ ያላወቀው ነገር በመጨረሻዋ ቦታ ላይ ይመጣበታል። ከሚታወቀው ተነሥቶ በማይታወቀው መታሰር ለአማርኛ የቀረበ አካሄድ ነው፤ ጸሐፊው ማድረግ ያለበት ሁለቱንም ከመቆረጫው በፊት ማድረስ ብቻ ነው። በዲማና በዋሸራ የቅኔ ስም ለሚኮራ አካባቢ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ያልቃል፣ ተማሪውም ለትርፍ ቃል ቦታ እንደሌለው አውቆ ነው የሚቆጥረው።

የማወቅ ጉጉት ከየት እንደሚመጣ ጆርጅ ሎወንስታይን የተባለው ምሁር በ1994 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው ሐሳብ እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። እንደ እሱ አባባል ጉጉት የሚነሣው ሰው በሚያውቀውና ማወቅ በሚፈልገው መካከል ክፍተት መኖሩን ሲገነዘብ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ክፍተቱ እንዲታይ አስቀድሞ አንድ የሚታወቅ ነገር መኖር እንዳለበት ነው። ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ሰው ምን እንደጎደለው አያውቅም። የእንግዶዋ መስመር አንባቢው የሚያውቀውን ይዛ ነው ያላወቀውን የምታሳየው። «መሬቱ ኮምጥጦ ሊሆን ይችላል» ሲባል ወዲያው ሁለት ጥያቄ ይወለዳል፦ «እንዴት ይታወቃል?» እና «ምን ይደረግ?»። ቀጣዮቹ ዓረፍተ ነገሮች እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በዚሁ ቅደም ተከተል መመለስ አለባቸው።

«ጉድ ሳትሰሙ አትለፉ!»፣ «ይህን ሳያዩ ገብስ እንዳይዘሩ!»፣ «ባለሙያው የተናገረው ብዙዎችን አስደነገጠ» የሚሉ መነሻዎች የሚከሽፉበት ምክንያትም ከዚሁ ይገባል። እነዚህ ያልታወቀውን ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ አንባቢው የሚይዘው ጫፍ የለም። አንድ ሁለት ጊዜ ከፍቶ የተባለውን ያህል ሳያገኝ ከቀረ በኋላ፣ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ገና ከሩቅ አይቶ ማለፍ ይለምዳል። ፌስቡክ ራሱም በነሐሴ 2016 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) መረጃ ደብቀው ወይም አጋንነው ሰውን ወደ ሊንክ የሚስቡ ርእሶች በተከታዮች ገጽ ላይ ዝቅ ብለው እንዲታዩ እንደሚያደርግ አስታውቋል፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ «ላይክ አድርጉ»፣ «ሼር አድርጉ»፣ «ጓደኛችሁን ታግ አድርጉ» እያሉ ምላሽ የሚለምኑ ልጥፎችን በዚሁ መልክ እንደሚያወርድ ገልጿል። ቴሌግራም ላይ ቻናሉ የለጠፈው ለተከታዩ በቀጥታ ስለሚደርስ ይህ ዓይነት ማውረድ አይሠራም፤ እዚያ ግን አንባቢው ቻናሉን ድምፅ አልባ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ጉዳይ ቢመጣም አይሰማም።

በእንግዶዋ መስመር ላይ አንዳንድ ሰው መለወጥ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን። «መሬቱ ኮምጥጧል» ቢባል መስመሯ ታጥራለች፣ ትጠነክራለችም። እኔ ግን መነካት የለበትም እላለሁ። አባትየው እንግዶ የጀመሩት ለከብት መኖ ብለው፣ ወይም የገብስ ዘር አጥተው ሊሆን ይችላል። መሬት መኮምጠጡ በእርግጥ የሚታወቀው አፈሩ ሲለካ ነው፤ ፒኤች የሚባለው ልኬት ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ሥሩን መጉዳት ይጀምራል፣ ፎስፈረሱም ይታሠርና ተክሉ ማዳበሪያ ቢጨመርለት በሚገባ አይጠቀምበትም። ይህ ሳይለካ «ኮምጥጧል» ያለ ባለሙያ አንባቢውን ያቆመዋል፣ ነገር ግን ለአንዳንዱ አባት የማያስፈልግ ኖራ ያሸክመዋል። የመጀመሪያዋ መስመር ከጽሑፉ ሐሳብ አልፋ መሄድ የለባትም፤ ልጥፎች አንባቢን ካስቆሙ በኋላ የሚያጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «እንዲያውስ» እያለ ወደ ኋላ የሚመለስ ጽሑፍ በመነሻው ከሚያቀርበው በላይ ቃል የገባ ጽሑፍ ነው።

በመስመሯ ውስጥ ያለችው አክብሮትም ትንሽ ነገር አይደለችም። «አባታችሁ … ከጀመረ» ብሎ የጻፈ ሰው የጎጃም አንባቢን በእርግጥ ያስቆመዋል፤ የሚያስቆመው ግን በጉዳዩ ሳይሆን በነውሩ ነው። አስተያየት መስጫው ስለ ኖራ መጠየቂያ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሥነ ምግባር መከራከሪያ ይሆናል። «ከጀመሩ» ማለት ከምንም የማይቆጠር የፊደል ለውጥ ነው፤ የአንባቢው ዓይን ግን ያለ እንቅፋት ወደ ማሰሪያው ያልፋል። በተመሳሳይ ምክንያት ሰላምታን ስለማውጣት ስናገር ሰላምታን መናቄ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ብልግና ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለበዓል የሚጻፍ «እንኳን አደረሳችሁ» ደግሞ ራሱ ጉዳዩ ነው፣ ቦታውም መጀመሪያው ነው። ስለ ኖራ በሚጻፍ ላይ ግን ሰላምታው ከመጀመሪያው አንቀጽ በኋላ ወይም በመጨረሻው ላይ ቢቀመጥ ማንም ቅር አይለውም፤ እስኪደርስበት ድረስ የሚያነብ ሰው ያገኘዋል።

አሁን የተቀረውን መነሻ ከመስመሯ ሥር እናስቀምጥና አንድ ላይ እንየው፦

«አባታችሁ ገብስ መዝራት ትተው እንግዶ ከጀመሩ፣ መሬቱ ኮምጥጦ ሊሆን ይችላል። ገብስ በኮመጠጠ አፈር ላይ ሥሩ ያጥራል፣ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ይቀጭጫል፤ እንግዶ ግን ይችለዋል። በእርግጥ ለማወቅ ከማሳው ከተለያየ ቦታ አፈር ወስዶ ማስለካት ያስፈልጋል። ከኮመጠጠ መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ሰኔ ላይ ለሚዘራ ገብስ ኖራው ግንቦት ላይ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት።»

አንባቢው «እንዴት ይታወቃል?» ብሎ ነበር፣ ተመለሰለት። «ምን ይደረግ?» ብሎ ነበር፣ ተመለሰለት። በመጨረሻዋ ሐረግ ላይ ደግሞ ጊዜ ተቀምጧል፤ ሚያዝያ ላይ የሚያነብ ልጅ አባቱ ዘንድ ለመደወል ገና ጊዜ እንዳለው ይረዳል። ለሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚያስፈልግ እዚህ አልተጻፈም፣ መጻፍም የለበትም። መጠኑ በልኬቱ የሚወሰን ሲሆን ብዙ ጊዜ በሄክታር በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር ስለሆነ፣ ገና በመነሻው ላይ ቢነገር አንባቢው የሚያስበው ስለ ጭነትና ስለ ገንዘብ ይሆናል፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ከገባው በኋላ ግን ያንኑ ቁጥር በሌላ ልብ ይቀበለዋል።

እስካሁን የተባለው ማብራሪያ ለሚጽፍ ሰው ነው። አስቸኳይ ጥሪ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ ምንም ክፍተት መተው አይገባም። ደም የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ያለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የሕመሙን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው፣ የሚፈለገው ደምና ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ ደግሞ ከ«See more» በታች ይቀራል። መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦ «ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ ኦ ኔጋቲቭ ደም ዛሬ እንፈልጋለን።» ኦ ኔጋቲቭ የሆነ ሕመምተኛ የሚቀበለው ኦ ኔጋቲቭ ብቻ ስለሆነ፣ ይህች መስመር ብዙውን አንባቢ ሳታቆም ታሳልፋለች፤ ማድረግ ያለባትም ይህንኑ ነው። እንጅባራ ያለው ሰው እና ደሙ ኤ የሆነው ሰው ያለ ሐዘን ያልፋሉ፣ ወይም ለሚያውቁት ያስተላልፋሉ፤ የሚፈለገው ሰው ግን በሁለት ሰከንድ ውስጥ እሱ እንደሆነ ያውቃል። የመስመር ጥንካሬ የሚለካው ስንት ሰው እንዳስቆመች በመቁጠር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ጸሐፊ ይህን ዓይነቱን ሥራ አይችልም።

መስመሯ እንደሠራች ከመለጠፍ በፊት ማወቅ ይቻላል። ፌስቡክ ላይ ጽሑፉን «Only me» በሚለው ምርጫ ለራስ ብቻ ለጥፎ በስልክ መክፈት፣ «See more» የት ላይ እንደቆረጠው ማየት ነው። ከመቆረጫው በላይ አንድ የታሰረ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ጽሑፉ ገና አልተዘጋጀም። ለቴሌግራም ደግሞ ለአንድ ባልደረባ ልኮ በእሱ ስልክ ላይ ማሳወቂያው ምን ያህሉን እንዳሳየ ማየት ያስፈልጋል፤ በራስ ስልክ ብቻ የሚያይ ሰው የሌላውን ጠባብ መስመር አያውቀውም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን መስመሯን ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ አንብቦ ዝም ማለት ነው። ሰውየው «እንዴት ይታወቃል?» ወይም «ታዲያ ምን ይሻላል?» ካለ መስመሯ ሠርታለች፣ የጠየቀውም ጥያቄ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ምን መሆን እንዳለበት ነግሮናል። «እሺ፣ ጥሩ ነው» ካለ አልሠራችም። «ማን ነው ያለው?» ካለ ደግሞ ጥርጣሬ አሳድራለች፤ ምናልባት ተጋንናለች።

ከተለጠፈ በኋላ የሚታዩት ቁጥሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ቴሌግራም ላይ ከዓይን ምልክቱ አጠገብ ያለው ቁጥር ጽሑፉ በስንት ሰው ስክሪን ላይ እንደታየ እንጂ ስንት ሰው እንዳነበበው አይናገርም። የተሻለው ምስክር አስተያየቱ ነው። «ኖራ መቼ ነው የሚጨመረው?» ብለው የሚጠይቁ ከበዙና መልሱ በአራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተጽፎ ካለ፣ ሰዎቹ ቆመዋል ግን ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ስለዚህ ጉድለቱ ያለው በመጀመሪያዋ መስመር ላይ ሳይሆን በሁለተኛዋ ላይ ነው። «የእኛ መሬት ቀይ አፈር ነው፣ እንግዶም አልሆነልንም» ዓይነት አስተያየት ከመጣ ግን ሰውየው አንብቦ የራሱን ማሳ ከጽሑፉ ጋር አስተያይቷል ማለት ነው።

መስመር ብቻዋን የማትችለው ነገርም አለ። ፎቶ ካለ ዓይን ከጽሑፉ በፊት ፎቶውን ያያል። ስለ እንግዶና ስለ ገብስ ከምትናገር መስመር ጋር በአዳራሽ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው፣ ከኋላቸው ባነር ተሰቅሎ የሚታይበት ፎቶ ከተለጠፈ፣ አንባቢው የስብሰባ ዜና ነው ብሎ ያልፋል፤ መስመሯን አያያትም። ሁለት የገብስ ተክል ከነሥራቸው ተነቅለው፣ አንደኛው ሥሩ ረዝሞ አንደኛው አጥሮና ወፍሮ ጎን ለጎን ቢነሡ ግን ፎቶውና መስመሯ አንድ ነገር ይናገራሉ።

ይህችን መስመር ከየት ማግኘት ይቻላል ለሚል ሰው፣ ብዙ ጊዜ ተጽፋ ከጽሑፉ መካከል ተቀምጣ ነው የምትገኘው። ባለሙያው የመጀመሪያውን ረቂቅ ሙሉውን ጽፎ ቢጨርስ፣ ከታች አንድ ቦታ ላይ «በአንዳንድ ቀበሌዎች አርሶ አደሮች ገብስን በእንግዶ እየተኩ መሆኑ ታይቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንደ ተራ መረጃ ጽፎ ይገኛል። ያቺ ናት። መግቢያ ብለን የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ለራሳችን ማሟሻ ስለሆነ፣ ጽሑፉን ከጨረሱ በኋላ ወደ ውስጥ ተመልሶ በዓይን የታየ፣ አንባቢው የሚያውቀው፣ ግን ምክንያቱን ያላወቀው ነገር የቱ ጋ እንደተቀመጠ መፈለግ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ የመጀመሪያ መስመር ከመጠበቅ ይሻላል።

ሲለጠፍ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የእንግዶዋ መስመር በደንብ ከሠራች ልጁ አባቱ ዘንድ ይደውላል፣ አባትየውም «ታዲያ አፈሩን ለማን ነው የምሰጠው?» ይሉታል። ልጁ ተመልሶ ጽሑፉን ሲከፍት ናሙናው የት እንደሚሰጥ፣ ከማሳው ውስጥ ከስንት ቦታና ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚወሰድ፣ ኖራው በየትኛው ኅብረት ሥራ ማኅበር እንደሚገኝና ዘንድሮ መድረስ አለመድረሱን ማግኘት አለበት። ኖራው ወረዳው ላይ ገና ካልገባ፣ «እስከዚህ ቀን አልገባም፣ ሲገባ እዚሁ እንጽፋለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከታች ይቀመጥለት፤ በገባ ዕለትም አዲስ ልጥፍ ይጻፍ፣ የመጀመሪያ መስመሩም «ኖራው ገብቷል» ብሎ ይጀምር።